ተደርድሮ የመጣ ዝርዝር ሲያዘገይ

ክዊክሶርት እና መርጅ ሶርት ኮምፒውተር ዝርዝርን በቅደም ተከተል የሚያሰልፍባቸው ሁለት ዘዴዎች ናቸው። ቶኒ ሆር በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ክዊክሶርት ፒቮት የሚባል አንድ መለያ ቁጥር ይመርጣል። ከእሱ ያነሱትን ወደ ግራ፣ የበለጡትን ወደ ቀኝ ያደርጋል፤ በየወገኑም ይህንኑ ይደግማል።

ችግሩ ያለው ፒቮቱ ላይ ነው። 1,000 የተለያዩ ቁጥሮች ቀድሞውኑ ተደርድረው ሳለ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ፒቮት ቢሆን፣ በግራ በኩል ምንም አይገኝም፤ 999ኙ በሙሉ በቀኝ ይቀራሉ። በቀጣዩ ዙር 998 ይቀራሉ። እንዲህ እያለ ንጽጽሩ 499,500 ይደርሳል። መርጅ ሶርት ግን ዝርዝሩን ሁልጊዜ ለሁለት እኩል ከፍሎ፣ የተደረደሩትን ግማሾች ስለሚያዋህድ ከ10,000 ንጽጽር አያልፍም። በምትኩ ተጨማሪ ማህደረ ትውስታ ይፈልጋል። ፒቮቱን በዕጣ መምረጥ የክዊክሶርትን አደጋ ፈጽሞ ባያስቀረውም እጅግ ብርቅ ያደርገዋል።

ሌላው ልዩነት የእኩዮች ተራ ነው። በፊደል ተራ የተመዘገቡ ተማሪዎችን በውጤት እንደርድር እንበል። ሀና እና ዮናስ እኩል 85 ቢያመጡ፣ መርጅ ሶርት ሀናን እንደነበረችው ከዮናስ በፊት ያቆያታል፤ የተለመደው ክዊክሶርት ግን ሊያቀያይራቸው ይችላል።

ጃቫም ለተራ ቁጥሮች በዋናነት ክዊክሶርትን፣ ብዙ መረጃ ለያዙ መዝገቦች ደግሞ ከመርጅ ሶርት የዳበረውን ቲምሶርትን ይጠቀማል። ሁለት 85ቶች ቦታ ቢለዋወጡ የሚለያቸው የለም። የሰው ስም ባለበት መዝገብ ግን ተራ የሚጠብቀውን ዘዴ ምረጡ።