ቤት ሆናችሁ ብቻችሁን ለምትሠሩ

እንቅልፍ ጠግባችሁም ድካሙ አልለቅ ካለ፣ የምትወዱት ሥራ ካስጠላችሁ፣ የአንድ ሰዓቱ ሥራ ሦስት ሰዓት ከፈጀ የሥራ መዛል ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ሆኖ ለኒውዮርክ ደንበኞች ዲዛይን የሚሠራ ልጅ እንውሰድ። እዚያ ሥራ ሲገባ እዚህ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ ሲወጡ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት። እነሱን ሲጠብቅ ያድራል፣ ቀኑን ይተኛል፣ ሰው ሳያይ ሳምንቱ ያልቃል።

ከቀኑ 8 እስከ ማታ 3 ሰዓት ይሥራ፤ ይህንንም ለደንበኛው ሥራ ሲቀበል ይንገረው። አራት ወይም አምስት ሰዓት ይገናኛሉ፣ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። 3 ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ይዘጋ፣ የሥራ መልእክት ድምፁ ይጥፋ። ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነስቶ ፀሐይ ላይ ይራመድ።

በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሥራ። (ደንበኛ ማማትም ይፈቀዳል!)

ከሥራ ውጭም ምንም ነገር ደስ አላሰኝ ብሎ ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክር። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ዛሬውኑ።