ሠንጠረዥ የማያስፈልገው ሎጋሪዝም

ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር የሎጋሪዝምን ሐሳብ በ1614 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ብሪግስ መሠረቱን 10 አድርጎ ሠንጠረዥ አዘጋጀለት። በዚህ ሥርዓት የ100 ሎጋሪዝም 2፣ የ1,000 ደግሞ 3 ነው። የዜሮዎቹን ብዛት መቁጠር ይበቃል ማለት ነው። አስቸጋሪዎቹ እንደ 2፣ 3 እና 7 ያሉት ቁጥሮች ናቸው።

ለእነዚህ መግቢያ በሩ 1,024 ነው። አስር ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ 1,024 ይሆናሉ፤ ይህም ከ1,000 እጅግ አይርቅም። እንግዲህ አስር የ2 ሎጋሪዝሞች ወደ 3 ከተጠጉ፣ አንዱ 0.3 ገደማ ነው። ትክክለኛው 0.30103 ነው። የ5 ሎጋሪዝም ከዚሁ ይገኛል፤ 5 የ10 ግማሽ ስለሆነ ከ1 ላይ 0.3 ሲቀነስ 0.7 ይቀራል። አራት ሦስቶች ሲባዙ 81 ስለሚሆኑ፣ 81ን እንደ 80 መውሰድ ለ3 ሎጋሪዝም 0.475 ይሰጣል፤ ትክክለኛው 0.477 ነው።

ይህን በታወቀው የቼዝ ሰሌዳ ስሌት መፈተን ይቻላል። በመጀመሪያው ካሬ አንድ የስንዴ ፍሬ ይቀመጣል፤ ከዚያ በየካሬው እጥፍ እየሆነ 64ኛው ላይ ይደርሳል። የፍሬዎቹ ድምር 2 በ64 ርቢ ሲሆን ከዚያ ላይ አንዲት ፍሬ ብቻ ትጎድላለች። 64ን በ0.3 ስናባዛ 19.2 እናገኛለን። 19 ሙሉ ማለት ቁጥሩ ባለ 20 አሃዝ ነው። የቀረው 0.2 የ1.6 ሎጋሪዝም ነው፤ 16 አራት ሁለቶች ሲባዙ የሚገኝ ስለሆነ ሎጋሪዝሙ 1.2 ነውና። ስለዚህ ግምቱ 16 ከ18 ዜሮ ጋር ነው።

እውነተኛው ድምር ግን 18,446,744,073,709,551,615 ነው። የአሃዙ ብዛት ተገጣጥሟል፤ መጠኑ ግን አንሷል። ምክንያቱ በየአስሩ እጥፍ የተጣለችው 24 ናት። በ64 ውስጥ አስር ስድስት ጊዜ ስላለ፣ ስድስት ጊዜ 2.4 በመቶ እየተደራረበ ወደ 15 በመቶ ይደርሳል። በ16 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 18.4 ይሆናል፤ ትክክለኛው መልስ ማለት ይቻላል።

በ0.3 ብቻ የሚሠራ ሰው የአሃዝ ብዛት እስከ 102ኛው የ2 ርቢ ድረስ አይሳሳትም። 103ኛው ላይ ግን ስሌቱ 31 አሃዝ ሲል ቁጥሩ 32 አሃዝ ይሆናል። ከዚያ በላይ 0.301ን መያዝ ይሻላል።

የዚያችው 24 ልዩነት በኮምፒውተር ገዢዎችም ላይ ትታያለች። አምራቹ 1,000 ጊጋባይት ብሎ የሸጠው ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ሆኖ ይነበባል። አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ፣ ልዩነቱ ሦስት ጊዜ ተደራርቦ 7 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከዲስኩ የተሰረቀ ነገር የለም።