ሪሞቱ አናት ላይ ያለችው ማይክ

ለበዓል አዲስ ስማርት ቲቪ የገባበትን አንድ የአዲስ አበባ ቤት እናስብ። ቲቪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ልጆቹም ዩቲዩብ ከፍተዋል። ሪሞቱ አናት ላይ የማይክ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። እናት ይህችን ቁልፍ ተጭነው «የጥላሁንን ዘፈን ክፈትልኝ» ሲሉ ስክሪኑ ላይ ትርጉም አልባ የእንግሊዝኛ ቃላት ይደረደራሉ። ደግመው ይሞክራሉ፤ ያው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፏን የሚነካት ሰው የለም።

ቲቪው ግን አልተበላሸም። እናትም አልተሳሳቱም። የሆነውን ለመረዳት ድምፃቸው ከሪሞቱ ተነስቶ የት እንደሚሄድ መከተል ይበቃል።

ሪሞቱ ድምፅን ራሱ አይረዳም። ማይኩ የተቀበለውን ድምፅ በብሉቱዝ ወደ ቲቪው ይልካል፣ ቲቪው ደግሞ በኢንተርኔት ወደ አምራቹ ወይም ወደ ጉግል ኮምፒውተሮች ያሻግረዋል። ድምፁ ወደ ጽሑፍ የሚለወጠው እዚያ ነው፤ ትእዛዙም ከዚያ ይመለሳል። ስለዚህ ብሉቱዙ ካልተገናኘ፣ ኢንተርኔት ከሌለ፣ ወይም የተነገረው ቋንቋ በዚያ ወገን ከማይታወቅ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ሳምሰንግ ቢክስቢ የሚባል የራሱ አገልግሎት አለው፤ ሶኒ፣ ቲሲኤልና ሌሎችም በጉግል ቲቪ ወይም በአንድሮይድ ቲቪ ይሠራሉ። እዚህ የምናየው የጉግሉን ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የሪሞቱ ግንኙነት ነው። ቲቪው ከካርቶኑ እንደወጣ ሪሞቱ ድምፅ ሲጨምርና ሲቀንስ፣ ሲያበራና ሲያጠፋ ሁሉም ነገር የተገናኘ ይመስላል። ይህ ግን በማይታይ ብርሃን፣ ማለትም በኢንፍራሬድ፣ የሚሠራ የድሮው መንገድ ሊሆን ይችላል። በዚህ መንገድ ድምፅ አያልፍም። መለየቱ ቀላል ነው፦ ሪሞቱን ወደ ጀርባ አዙሮ የአቅጣጫ ቁልፎቹን መጫን። ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት ከተንቀሳቀሰ ብሉቱዙ ተገናኝቷል፤ ፊት ለፊት ሲያነጣጥሩት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን አልተገናኘም። የድምፅና የማብሪያ ቁልፎች ለዚህ ፈተና አይሆኑም፤ ከተገናኙ በኋላም ቢሆን በብርሃን የሚሠሩበት ሪሞት ብዙ ነውና።

ለማገናኘት በቲቪው Settings ውስጥ Remotes & Accessories ይከፈትና Pair accessory ይመረጣል። ቀጥሎ ሪሞቱ ላይ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተይዘው ይቆያሉ። የትኞቹ እንደሆኑ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ የቤት ምስል ያለበት ቁልፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ነው። ስክሪኑ ራሱ በሥዕል ያሳያል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። ቲቪውን ሲያስጀምሩ ኢሜይል ላለማስገባት የመሠረታዊ ቲቪ ምርጫን የወሰደ ሰው ማይኩን ቢጫን አይሠራለትም፤ አገልግሎቱ የጉግል አካውንትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ቲቪውን እንደገና ማስጀመር ሳያስፈልግ አካውንቱን በኋላ መጨመር ይቻላል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ አጫጭር የእንግሊዝኛ ትእዛዞች በደንብ ይሠራሉ። ቁልፉ ተይዞ እያለ መናገር፣ ሲጨርሱ መልቀቅ ነው። ቁልፉን ቶሎ የሚለቅ ሰው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቆረጥበታል፤ «አልሰማኝም» ከሚያሰኙት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

```
Open YouTube
Volume 10
Pause
Switch to HDMI 1
```

የመጨረሻዋ ትእዛዝ ወደ ትልቁ ገደብ ትወስደናለች። በኢትዮጵያ ብዙ ቤት ቻናል የሚታየው በዲሽና በሪሲቨር ነው። ሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር ሲያያዝ፣ ለቲቪው ምስል የሚልክ ሌላ መሣሪያ እንጂ የቲቪው አካል አይደለም። ድምፃችን ቲቪውን ወደ ሪሲቨሩ መስኮት ያዞረዋል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ግን «ወደ ዜናው ቻናል ቀይር» ብንል የሚሰማ የለም፤ የቻናሎቹ ዝርዝር ያለው ሪሲቨሩ ውስጥ ነውና። በድምፅ ቻናል ለመቀየር ተብሎ ውድ ቲቪ መግዛት፣ ቤቱ በሪሲቨር የሚያይ ከሆነ፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

ወደ እናት እንመለስ። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ በቲቪው የድምፅ ረዳት ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ከሆነ ማሽኑ የሰማውን ሁሉ ከሚያውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ጋር ለማዛመድ ይሞክራል። «ጥ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» በእንግሊዝኛ የሌሉ ድምፆች ናቸው፤ ስለዚህ «ጥላሁን»ን ሲሰማ የሚቀርበውን ይወስዳል። በላቲን ፊደል በብዛት የተጻፉ የታዋቂ ሰዎች ስሞች አንዳንዴ ይያዛሉ፤ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግን አይያዝም። ጮክ ብሎ መናገርም አይረዳም።

መፍትሔው ያለው ኪስ ውስጥ ነው። ጉግል በነሐሴ 2009 ዓ.ም. በድምፅ መጻፊያው ላይ 30 ያህል ቋንቋዎችን ሲጨምር አማርኛ አንዱ ነበር። ይህ የሚሠራው ግን ስልክ ላይ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ጂቦርድ በሚባለው ኪቦርድ አማርኛ ይጨመራል፤ በድምፅ መጻፊያው ቋንቋዎች ውስጥም አማርኛ መመረጡ ይረጋገጣል። ከዚያ ስልኩ ላይ ዩቲዩብ ተከፍቶ የመፈለጊያው ሳጥን ይነካል፣ ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ይቀየራል፣ ኪቦርዱ ላይ ያለው ማይክ ይጫናል። እናት «ጥላሁን ገሠሠ» ሲሉ ስሙ በፊደላችን ተጽፎ ይመጣል። ዘፈኑ ከተመረጠ በኋላ አራት ማዕዘን ውስጥ የሞገድ መስመሮች ያሉበት ምልክት ተነክቶ የቲቪው ስም ይመረጣል። ስልኩና ቲቪው አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው፤ የቲቪው ስም ዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ቪዲዮውን ከኢንተርኔት የሚያወርደው ቲቪው ራሱ ስለሆነ እናት ስልካቸውን ለሌላ ነገር ቢጠቀሙበት ዘፈኑ አይቋረጥም።

ይህ መንገድ ከሪሞቱ ማይክ አንድ ሁለት እርምጃ ይረዝማል። ነገር ግን ላቲን ፊደል ለማያነቡ፣ ወይም ዓይናቸው ለደከመ ወላጆች፣ በአገር ቤትም በውጭም፣ ዛሬ በራሳቸው ቋንቋ የሚሠራላቸው እሱ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ቴል አቪቭ ላለ ቤተሰብም አሠራሩ አይለወጥም።

ስለ ምስጢር መጠየቅም ተገቢ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግ በቲቪዎቹ አጠገብ የሚነገር የግል ጉዳይ በድምፅ አገልግሎቱ በኩል ለሌላ ድርጅት ሊተላለፍ እንደሚችል በደንቡ ውስጥ መጻፉ ታውቆ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። የሪሞቱ ማይክ የሚያዳምጠው ቁልፉ ሲጫን ነው። ያለ ሪሞት የሚጠሯቸው፣ ማይክ በገላቸው ላይ ያለባቸው ቲቪዎች ግን መጠሪያቸውን እየጠበቁ ሁልጊዜ ያዳምጣሉ። አብዛኞቹ ከታች ወይም ከጎን ማይኩን የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። በጉግል አካውንት የተቀመጠውን ታሪክ ደግሞ myactivity.google.com ላይ ገብቶ ማየትና መሰረዝ ይቻላል።

አንድ ነገር ይቀራል። ሪሞት ጠፍቶ ወይም ተሰብሮ ምትክ ሲገዛ የማይክ ሥዕል የታተመበት፣ ውስጡ ግን ማይክም ብሉቱዝም የሌለው ሪሞት ሊያጋጥም ይችላል። እውነተኛው አናቱ ላይ ድምፅ የሚገባባት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት አለችው። ቀዳዳዋም ብቻዋን አታስተማምንም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ የእርስዎን ዓይነት ቲቪ አብርቶ ሪሞቱን እንዲያገናኝልዎ ይጠይቁ፤ ማይኩንም እዚያው ተናግረው ይሞክሩት።