ስኩዌር ለመባል ስንት ዲግሪ ይበቃል?

ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ምሽት ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሰው ጨረቃዋን ከፊቱ፣ እየጠለቀች ያለችውን ፀሐይ ከጀርባው ያገኛታል። ሁለቱ በሰማይ ክብ ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 180 ዲግሪ ነው። የምዕራብ ኮከብ ቆጣሪዎች ይህን አቋቋም ኦፖዚሽን ይሉታል። ከዚያ አንድ ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ጨረቃ ግማሽ ሆና ስትታይ ከፀሐይ የምትርቀው 90 ዲግሪ ነበር፤ ይህ ስኩዌር ነው። በግማሿና በሙሉዋ ጨረቃ መካከል ደግሞ ሦስት አራተኛዋ የሚበራበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ርቀቱ 120 ዲግሪ ይሆናል፣ ትራይን ይባላል። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም። ከምድር ሆነን ስናይ በሁለት የሰማይ አካላት መካከል ያለውን ማዕዘን መለካት ብቻ ነው። ክርክሩ የሚመጣው ማዕዘኑ ትርጉም ሲሰጠው፣ ይልቁንም ማዕዘኑ ልክ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ትርጉሙ የመጣው ከ12ቱ የኮከብ ምድቦች ነው። ክቡ 360 ዲግሪ ስለሆነ እያንዳንዱ ምድብ 30 ዲግሪ ይይዛል። አውደ ነገሥትን የገለጠ ሰው ስማቸውን ያውቃቸዋል፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያለ እስከ ሑት ይዘልቃል። እሳት፣ መሬት፣ ነፋስና ውሃ የሚለው አመዳደብም አንድ ነው። አሠራሩ ግን ይለያያል። በአውደ ነገሥት የአንድ ሰው ኮከብ የሚገኘው የራሱና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው ለ12 ተካፍለው በሚቀረው ነው፤ ፕላኔቶች በተወለደበት ሰዓት የት እንደነበሩ አይጠየቅም። ስለዚህ ስኩዌርና ትራይን እዚያ ቦታ የላቸውም። እነሱ የሚያስፈልጉት የፕላኔቶች ትክክለኛ ሥፍራ በሚሰላበት የግሪክ፣ የዓረብና የአውሮፓ ኮከብ ቆጠራ ውስጥ ነው።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ይኖር የነበረው ቀላውዴዎስ በጥሊሞስ ለዚህ ምክንያት ለማበጀት ሞክሯል። ከሐመል ተነሥቶ 120 ዲግሪ የሄደ አሰድ ላይ ይደርሳል፣ ሌላ 120 ቢጨምር ቀውስ ላይ፤ ሦስቱም እሳት ናቸው። ትራይን የሚያገናኘው ባሕርያቸው አንድ የሆነውን ስለሆነ ስምምነት ነው አለ። ከሐመል 90 ዲግሪ የሄደ ግን ሸርጣን ላይ ይወድቃል፤ እሳትና ውሃ። በጥሊሞስ ምድቦቹን ተራ በተራ ወንድና ሴት ብሎ ይከፍል ነበርና ስኩዌርና ኦፖዚሽን ተቃራኒ ፆታዎችን ስለሚያጋጥሙ ጠብ ናቸው ብሎ ደመደመ። ለስኩዌር ይህ ይሠራል። ለኦፖዚሽን ግን አይሠራም፤ ከሐመል ፊት ለፊት ያለው ሚዛን ነው፣ በራሱ በበጥሊሞስ አከፋፈል ሁለቱም ወንድ ናቸው። ይህን ስንጥቅ ኮከብ ቆጣሪዎች ራሳቸው ያውቁታል፤ ሆኖም ፊት ለፊት መቆም በራሱ ፉክክርን ይመስላል ብለው ያልፉታል።

የዛሬዎቹ አነጋገር ለስለስ ያለ ነው። ስኩዌር ሰውን የሚገፋና እንቅፋት የሚፈጥር፣ ኦፖዚሽን በሁለት ወገን የሚጎትት፣ ትራይን ደግሞ ያለ ድካም የሚገኝ ችሎታ ይሉታል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገን የለም፤ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

ሁለት ፕላኔቶች በተወለድንበት ደቂቃ ልክ 90 ዲግሪ ላይ የመገኘታቸው ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። አንዱ ጊዜ 87 ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ 95። ታዲያ እስከ ስንት ድረስ ስኩዌር ይባላል? ከልኩ ማዕዘን ወዲህና ወዲያ የሚፈቀደው ልዩነት ኦርብ ይባላል። ልዩነቱ ባነሰ መጠን ግንኙነቱ ይበረታል ተብሎ ይታመናል፤ በአንድ ዲግሪ ውስጥ ያለው ኃይለኛ፣ ሰባት ወይም ስምንት ላይ ያለው ደካማ፣ ከዚያ ያለፈው የሌለ ነው።

ወሰኑ የት እንደሆነ ግን አልተስማሙም። በመካከለኛው ዘመን ኦርብ የፕላኔቱ እንጂ የማዕዘኑ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ፕላኔት በዙሪያው የራሱ የብርሃን ክልል አለው ይባል ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊሊ እ.ኤ.አ. በ1647 ባሳተመው መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ፕላኔት ሁለት ሁለት ቁጥር አስቀምጧል፣ ቀደምቶቹ ራሳቸው ስላልተስማሙ ነው። አነስ ባለው ቁጥር ፀሐይ 15፣ ጨረቃ 12፣ ማርስ 7 ዲግሪ አላቸው። ሁለት ፕላኔቶች ሲገናኙ የየራሳቸው ኦርብ ለሁለት ይከፈልና ግማሾቹ ይደመራሉ። የዘመኑ ኮከብ ቆጣሪዎች በአብዛኛው ይህን ትተው ኦርቡን ለማዕዘኑ ሰጥተውታል፤ ለስኩዌር፣ ለትራይንና ለኦፖዚሽን አንዱ 6፣ ሌላው 8፣ ሦስተኛው 10 ይፈቅዳል።

ይህ ተራ የቁጥር ጉዳይ እንዳልሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ሰው ሲወለድ ፀሐይ በሐመል 25ኛ ዲግሪ፣ ማርስ በአሰድ 3ኛ ዲግሪ ላይ ነበሩ እንበል። ከክቡ መነሻ ስንቆጥር ፀሐይ 25 ላይ ናት። ከአሰድ በፊት አራት ምድቦች፣ ማለትም 120 ዲግሪዎች ስላሉ ማርስ 123 ላይ ነው። በመካከላቸው 98 ዲግሪ አለ፤ ከስኩዌር ልክ በ8 ይበልጣል።

አሁን ለተለያዩ ባለሙያዎች እንስጣቸው። በሊሊ ደንብ የፀሐይ ግማሽ 7 ተኩል፣ የማርስ ግማሽ 3 ተኩል ነው፤ ድምሩ 11፣ ስለዚህ ስኩዌር አለ። 8 ዲግሪ የሚፈቅደው ዘመናዊ ጫፍ ላይ ስላገኘው ደካማ ስኩዌር ነው ይላል። 6 የሚፈቅደው ምንም ግንኙነት የለም ብሎ ያልፈዋል። በጥንቱ የግሪኮች ልማድ ከዲግሪው ይልቅ ምድቡን የሚያስቀድመው ደግሞ ሐመልና አሰድ ሁለቱም እሳት ናቸውና ይህ ትራይን ነው ይላል። አንድ ሰማይ፣ አንድ ልደት፣ አንዱ ጋ ጠብ፣ ሌላው ጋ ስምምነት፣ ሦስተኛው ጋ ባዶ። ምድቡና ዲግሪው እንዲህ የሚጣሉት ፕላኔቶቹ በምድብ መጨረሻና መጀመሪያ አካባቢ ሲሆኑ ነው፤ ብዙዎች በዚህ ጊዜ ኦርቡን አጥብበው ይይዙታል።

አንድ ሌላ ነገርም ይታያል፤ ማዕዘኑ እየጠበቀ ነው ወይስ እየላላ? ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ትሄዳለች፣ ማርስ ወደፊት ሲጓዝ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ዲግሪ ገደማ። በምሳሌያችን ፀሐይ ከኋላ ሆና እየደረሰችበት ስለሆነ 98 የነበረው በየቀኑ ይቀንሳል፤ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ቆይቶ 90 ይሆናል። እየቀረበ ያለው እየራቀ ካለው ይበረታል የሚለው ደንብ ጥንትም ዛሬም ብዙ ደጋፊ አለው። ስለዚህ በ5 ዲግሪ እየቀረበ ያለ ስኩዌር በ3 ዲግሪ ከሚርቀው ይበልጣል የሚሉ አሉ።

ፍጥነት ሌላም ጣጣ ያመጣል። ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ያላት ርቀት በቀን 12 ዲግሪ ያህል ይለወጣል። ስለዚህ በ8 ዲግሪ ኦርብ የፀሐይና የጨረቃ ስኩዌር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቀን ከሩብ ገደማ ይቆያል። አሁን ዘገምተኞቹን እንይ። ሳተርን በደለዊ፣ ዩራነስ በሠውር ሆነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 10 ቀን 2013፣ ሰኔ 7 ቀን 2013 እና ታኅሣሥ 15 ቀን 2014 ልክ 90 ዲግሪ ላይ ደረሱ። ሦስት ጊዜ የሆነው ከምድር ስናያቸው አንዳንዴ ወደኋላ የሚመለሱ ስለሚመስሉ ነው። በ8 ዲግሪ ከታየ ስኩዌሩ ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ነበር። በመስከረም 2015 መጨረሻ እንደገና ተቀራርበው ከአንድ ዲግሪ በታች ሲቀራቸው ልኩን ሳይነኩ ተለያዩ። ይህን አራተኛ ጊዜ ብሎ የሚቆጥረው አለ፣ የማይቆጥረውም አለ። እንዲህ በሰፋ መስኮት ውስጥ የደረሰን ማንኛውንም ትልቅ ክስተት ከስኩዌሩ ጋር ማያያዝ ምን ይከብዳል?

በግል የልደት ሠንጠረዥም ያው ነው፤ ይህንን ማንም በወረቀት ሊያሰላው ይችላል። ከሦስቱ ጋር አንድ ላይ መሆንን፣ ማለትም 0 ዲግሪን፣ እና 60 ዲግሪን ጨምረን አምስቱን ዋና ማዕዘናት እንውሰድ። በክቡ ላይ ስምንት ነጥቦች ይሆናሉ፣ ምክንያቱም 60፣ 90 እና 120 በግራም በቀኝም አሉ። ለእያንዳንዱ ወዲህ 8 ወዲያ 8 ብንፈቅድ 128 ዲግሪ ይሸፈናል፤ ከ360 ከሦስት አንድ ይበልጣል። ፀሐይንና ጨረቃን ጨምሮ 10 አካላት 45 ጥንድ ይፈጥራሉ። እንዲሁ በአጋጣሚ ቢበተኑ እንኳ 16 ያህሉ ጥንድ በአንዱ ማዕዘን ይያዛል። ኦርቡን ወደ 3 ብናጠበው ስድስት ብቻ ይቀራል። 16 ገመድ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ለማንኛውም ጠባይ የሚስማማ ማስረጃ አይጠፋም፤ እኔ ሰፊ ኦርብን የማላምነው ስለዚህ ነው።

ጠባብ ኦርብ ትንቢቱን እውነት ያደርገዋል ማለቴ አይደለም። ሾን ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባሳተመው ሙከራ ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው የልደት ሠንጠረዥ ይዘው ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች የእሱን እንዲመርጡ ተጠይቀው ነበር። የተሳካላቸው ከሦስት አንዱን ያህል ነው፤ በዘፈቀደ ከሚገኘው አልበለጠም።

ይሁንና ሠንጠረዥ ማስነበብ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ከነሱ አንዱ ከሆኑ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ከፀሐይ ሜርኩሪ ከ28 ዲግሪ፣ ቬነስ ከ48 ዲግሪ በላይ ርቀው አይታዩም። ስለዚህ «ቬነስህ ከፀሐይህ ጋር ስኩዌር ነች» ያለዎት ሰው ስሌቱን እንኳ አልሠራም። «ሳተርን ስኩዌር አለብህ» የሚል ሲገጥምዎት ደግሞ ከመደንገጥዎ በፊት ማዕዘኑ ትክክለኛ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ዲግሪ ኦርብ እንደሚጠቀም፣ እየቀረበ ነው ወይስ እየራቀ ብለው ይጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ገንዘብዎን አይስጡት።