ሥራን ከጋራ ወረፋ መያዝ

ሥራን ከጋራ ወረፋ መያዝ ማለት ብዙ ሰዎች ከአንድ የጋራ ዝርዝር ሥራ እየወሰዱ ሲሠሩ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የመረጠውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት በስሙ የሚያስመዘግብበት አሠራር ነው። ሥራው በአንድ ሰው ስም እስከተያዘ ድረስ ሌሎቹ ያልፉትና ቀጣዩን ይወስዳሉ። አሠራሩ በደንበኞች አገልግሎት፣ በሶፍትዌር ስህተት ማረሚያ፣ በትርጉም ሥራና በበጎ ፈቃድ የካርታ ሥራ ላይ የተለመደ ነው።

ሥርዓቱ በሚገባ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ታስኪንግ ማናጀር የተባለው ድረ ገጽ ነው። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ሂዩማኒቴሪያን ኦፕንስትሪትማፕ ቲም (በአጭሩ ሆት) የተባለው ድርጅት ነው። ሆት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ሲሆን፣ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስል እያዩ ቤቶችንና መንገዶችን ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው ነጻ ካርታ ላይ እንዲስሉ ያስተባብራል።

## አሠራሩ

በታስኪንግ ማናጀር አንድ ፕሮጀክት የሚሸፍነው ቦታ በትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ ክፍሎቹ ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሥራ ነው። በጎ ፈቃደኛዋ አንድ ክፍል መርጣ መሥራት ስትጀምር ክፍሉ በስሟ ይቆለፋል፤ በሌሎች ሠራተኞች ካርታ ላይም መልኩ ተቀይሮ ይታያል። ስትጨርስ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ መሳሉን ታሳውቃለች፤ ካልጨረሰችም ይህንኑ ገልጻ ትለቀዋለች። የት እንዳቆመች አስተያየት ብትጽፍ ቀጣዩ ሰው ከዚያ መቀጠል ይችላል። የተጠናቀቀውን ክፍል ደግሞ ሌላ ልምድ ያለው ሰው ይዞ ይመረምረዋል።

አንድ ሰው ለመሳል በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ይህ ባይሆን አንድ ሰው ብዙ ክፍሎችን አስቀድሞ በስሙ አድርጎ ሌሎቹን ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። ክፍሉ ቤት የበዛበት ሆኖ ለአንድ ሰው ከከበደ ግን ወደ ትናንሽ ክፍሎች መከፋፈል ይቻላል።

ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ቢስሉ የሚጎዳው የባከነው ጊዜ ብቻ አይደለም። የእርዳታ ሠራተኞች በአንድ መንደር ስንት ሰው እንደሚኖር ለመገመት የቤቶችን ቁጥር መነሻ ያደርጋሉ። 60 ቤቶች ያሉት መንደር ሁለት ጊዜ ከተሳለ በቆጠራ 120 ቤቶች ይሆናል፤ ለመንደሩ የሚታቀደው ክትባት ወይም ድንኳንም በዚያው ልክ ይዛባል።

## «አይቶ መያዝ» የማይበቃበት ምክንያት

ሥርዓቱ ሲታሰብ ቀላል ይመስላል፦ ክፍሉ ነጻ መሆኑን ማየት፣ ነጻ ከሆነ መያዝ። ችግሩ በማየትና በመያዝ መካከል ያለው ጊዜ ነው።

ለምሳሌ አንዲት ሠራተኛ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ ገጹን ከፍታ ክፍል ቁጥር 417 ነጻ መሆኑን ታያለች። ባልደረባዋም ከ20 ሴኮንድ በኋላ ገጹን ሲከፍት 417ን ነጻ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ እሷ ክፍሉን ትይዛለች። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ እሱም ያንኑ ክፍል ይጫናል፤ በእሱ ስክሪን ላይ ያለው ገጽ አሁንም የሚያሳየው አሮጌውን ሁኔታ ነውና። ሰርቨሩ የመጣለትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚመዘግብ ከሆነ የእሱ ስም በእሷ ስም ላይ ይጻፋል። እሷ ግን ይህን የሚነግራት የለም፤ ክፍሉ የእሷ እንደሆነ አምና መሳሏን ትቀጥላለች።

ሰርቨሩ ከመመዝገቡ በፊት «ክፍሉ ነጻ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ ችግሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ጥያቄውና ምዝገባው ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች እስከሆኑ ድረስ፣ ሁለት ጥያቄዎች ተከታትለው «ነጻ ነው» የሚል መልስ ካገኙ በኋላ ሁለቱም ሊመዘገቡ ይችላሉ። ክፍተቱ ከሴኮንድ በታች ቢሆንም፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ፕሮጀክት ሲገቡ አጋጣሚው ይደጋገማል። ሁሉም ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

## ማየትና መያዝን አንድ ማድረግ

መፍትሔው ሁለቱን እርምጃዎች በማይነጣጠል አንድ ትእዛዝ ማድረግ ነው። ሥራዎቹ በመረጃ ቋት ውስጥ ከተቀመጡ፣ «ባለቤት ከሌለው ብቻ በስሜ መዝግብ» የሚለው ትእዛዝ የሚከተለውን ይመስላል።

```sql
UPDATE tasks
SET owner = 'A', claimed_at = now()
WHERE id = 417 AND owner IS NULL;
```

በዚህ ትእዛዝ ወሳኙ ክፍል መጨረሻ ላይ ያለው `owner IS NULL` ነው፤ ትርጉሙም «ባለቤት ከሌለው» ማለት ነው። ፖስትግሬስኪውኤል በተባለው የመረጃ ቋት ሁለት ሰዎች ይህን ትእዛዝ በተመሳሳይ ቅጽበት ቢልኩ፣ በተለመደው አሠራር ሁለተኛው የመጀመሪያው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ቅድመ ሁኔታው እንደገና ይመረመራል፤ ክፍሉ ባለቤት አግኝቷልና ምንም አይቀየርም። የመጀመሪያው ሰው `UPDATE 1`፣ ሁለተኛው `UPDATE 0` የሚል መልስ ያገኛሉ።

ትእዛዙ በትክክል ቢጻፍም ፕሮግራሙ መልሱን ካላነበበው ጥቅም የለውም። `UPDATE 0` ስህተት ተብሎ የሚቆጠር መልእክት አይደለም፤ ትእዛዙ ያለችግር ተፈጽሞ የሚቀይረው ረድፍ እንዳጣ ብቻ ይናገራል። ይህን ሳያይ «ክፍሉን ይዘዋል» ብሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳል።

## የጊዜ ገደብ

የያዘ ሰው ሁሉ አይለቅም። አንዱ መብራት ይጠፋበታል፣ ሌላው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ለመሞከር ብቻ ክፍል ከፍቶ ይረሳል። ይዞታው ገደብ ባይኖረው እነዚህ ክፍሎች ሠሪ ሳያገኙ ተቆልፈው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ታስኪንግ ማናጀር ከሁለት ሰዓት በኋላ ክፍሉን በራሱ ይለቀዋል።

የገደቡ ርዝመት ሁለት ጉዳቶችን ያመዛዝናል። ሲረዝም የተተወ ሥራ ለብዙ ጊዜ ይቆማል፤ ሲያጥር ደግሞ ገና እየሠራ ያለ ሰው ይነጠቃል። ክፍሎቹን ማሳነስ ይህን ያቀላል፤ ሥራው ከገደቡ በፊት ሊያልቅ የሚችል ከሆነ ገደቡ የሚመታው በአብዛኛው ትቶ የሄደውን ነው።

## ገደቡ ሲያልፍ የሚፈጠር ድግግሞሽ

የጊዜ ገደብ የራሱ አደጋ አለው፤ ይዞታው ያለቀበት ሰው ማለቁን ሳያውቅ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል።

ከላይ የተጠቀሰችው ሠራተኛ ክፍል 417ን ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ ይዛ 60 ቤቶች ሳለች እንበል። የሳለችው ግን ገና በራሷ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ወደ ኦፕንስትሪትማፕ አልጫነችውም። 4፡30 ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ተቋረጠባት። 5፡00 ሰዓት ላይ ቁልፉ በራሱ ተፈታ። 5፡10 ሰዓት ላይ ባልደረባዋ ክፍሉን ሲይዝ ባዶ ሆኖ ስላገኘው 60ዎቹን ቤቶች እንደ አዲስ ስሎ 5፡50 ላይ ጫነ። 6፡00 ሰዓት ላይ ኢንተርኔቷ ሲመለስ እሷም የሳለችውን ጫነች።

ኦፕንስትሪትማፕ ይህን አይከለክልም። እያንዳንዱ የተሳለ ነገር የእትም ቁጥር ስላለው፣ ሁለት ሰዎች ቀድሞ የነበረን አንድ ቤት ቢቀይሩ ግጭቱ ይታወቃል። እሷ የጫነቻቸው ቤቶች ግን ሁሉም አዲስ ናቸው፤ የእትም ቁጥራቸውን የሚያነጻጽሩበት ቀዳሚ የለም። ስለዚህ መንደሩ 120 ቤቶች ይኖሩታል።

ሥራው የተመዘገበው በአንድ ሥርዓት፣ ውጤቱ የሚገባው ደግሞ በሌላ ሥርዓት መሆኑ ለዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ፣ ሥራው ሲያልቅም እንደ አያያዙ በቅድመ ሁኔታ መመዝገብ ይቻል ነበር።

```sql
UPDATE tasks SET done = true
WHERE id = 417 AND owner = 'A';
```

በዚህ አሠራር ይዞታው ወደ ሌላ ሰው ከተላለፈ የዘገየችው ሠራተኛ `UPDATE 0` ታገኛለች፤ የሠራችው ሳይቀላቀል በፊት ክፍሉ የእሷ አለመሆኑን ታውቃለች። ታስኪንግ ማናጀር የሚቆልፈው ግን የራሱን ዝርዝር እንጂ ካርታውን አይደለም። በፕሮጀክቱ ያልተመዘገበ ሰውም በዚያው ቦታ ላይ ምንም ቁልፍ ሳይገጥመው መሳል ይችላል።

## መለያና ማረሚያ

ሁለት ጊዜ የተሳለ መንደር በዓይን ይለያል፤ አንድ ጣሪያ ላይ ሁለት ንድፎች በጥቂቱ ተዛንፈው ይደራረባሉ። ጆስም የተባለው የካርታ መሣያ ፕሮግራም የሚቋረጡ ሕንፃዎችን ፈልጎ የሚያስጠነቅቅ መመርመሪያ አለው። የእያንዳንዱ ቤት ታሪክ ማን በስንት ሰዓት እንደጫነው ስለሚያሳይ፣ የድግግሞሹ ምክንያት ያለፈ ይዞታ መሆን አለመሆኑን ከሰዓቱ ማወቅ ይቻላል። ለማረም ከሁለቱ ንድፎች ከሳተላይት ምስሉ ጋር ይበልጥ የሚገጥመው ተይዞ ሌላው ይሰረዛል።

ከማረም በፊት መከላከል ይቀላል። የተሳለው ሥራ በየጊዜው ከተጫነ፣ ይዞታው ቢያልፍ እንኳ ቀጣዩ ሰው የሚያገኘው ክፍል ባዶ አይሆንም። ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የተመለሰ ሠራተኛ ደግሞ ከመጫኑ በፊት የአካባቢውን የቅርብ ጊዜ መረጃ አውርዶ በሳለው ላይ ማየት አለበት። በምሳሌው 6፡00 ሰዓት ላይ ይህ ተደርጎ ቢሆን፣ ባልደረባዋ የሳላቸው 60 ቤቶች በሠራተኛዋ ስክሪን ላይ ይታዩ ነበር።