የወባ ምርመራ ነጻ ሆኖ ደም ሲያንስ

በምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ በአኖና በአካባቢዋ፣ ዐይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረና ጥቂት ተራምዶ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በቅድሚያ የሚጠረጠረው በወባ ነው። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሆኖም የደም ምርመራው ወባ ሳያሳይ ደሙ እየቀነሰ ከሄደ፣ አፍራሹ የሰውየው የራሱ የመከላከያ ሥርዓት ሊሆን ይችላል። ሰውነት ጀርምን ለመዋጋት የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት የገዛ ሕዋሳቱን እንደ ጠላት ቆጥረው ይለጠፉባቸዋል።

ይህን የሚለየው ምርመራ፣ ሮቢን ኩምብስና ሁለት ባልደረቦቹ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዘዴ ላይ የተመሠረተና በስሙ «ኩምብስ» ተብሎ የሚጠራው ነው። የታማሚው ቀይ ሕዋሳት በጨው ውኃ ደጋግመው ይታጠቡና የሰውን ፀረ እንግዳ አካል የሚይዝ ፈሳሽ ይጨመርባቸዋል። ሕዋሳቱ ላይ የተለጠፈ ነገር ካለ ፈሳሹ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፤ መጓጎሉም በዐይን ይታያል። እጥበቱ ከጎደለ ግን የቀረው የደም ፈሳሽ መድኃኒቱን አስቀድሞ ስለሚጨርሰው ውጤቱ በሐሰት «የለም» ይላል።

ለአብነት፣ ሄሞግሎቢኗ 5 የደረሰ አንዲት አርሶ አደር ብትኖር (የጤናማ ሴት 12ና ከዚያ በላይ ነው)፣ ምርመራው አይጂጂ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ካሳየ ሕመሟ በአብዛኛው «ሞቃት» ዓይነት ነው። ይህ አካል በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ይሠራል፤ የተለጠፈባቸውን ሕዋሳትም ጣፊያ ይበላቸዋል። ፕሬድኒሶሎን ብዙዎቹን ይረዳል፤ ለውጡ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያው ደም ያስፈልጋት ይሆናል። ችግሩ ፀረ እንግዳ አካሏ የለጋሾችንም ደም ስለሚይዝ፣ በማመሳከሪያ ምርመራ የሚስማማ ደም ላይገኝ መቻሉ ነው። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ይህ ብቻውን ደም አያስከለክላትም፤ በጥንቃቄ የተመረጠ ደም በክትትል ቀስ ብሎ ይሰጣል።

«ቀዝቃዛው» ዓይነት ሌላ ጠባይ አለው። አይጂኤም የተባለው አካል ደም በሚቀዘቅዝባቸው ጣቶች፣ ጆሮና አፍንጫ ላይ ሕዋሳትን ያጓጉላል፤ ስለዚህ በብርዳማ ጠዋት ጣቶች ይጠቁራሉ፣ ሲሞቁም ይመለሳሉ። በኩምብስ ምርመራ የሚታየው በአብዛኛው አይጂኤም ራሱ ሳይሆን ትቶት የሚሄደው ኮምፕሊመንት የተባለ ፕሮቲን ነው። የተቀዳው ደም ጠረጴዛ ላይ ከቀዘቀዘ በብልቃጡ ውስጥ ይጓጉልና የመሣሪያውን ቆጠራ ያዛባል፤ ወደ 37 ዲግሪ ሲሞቅ ጉጉሉ ይፈታል። እዚህ ላይ ፕሬድኒሶሎን እምብዛም አይረዳም። ዋናው ጥንቃቄ ሰውነትን ማሞቅ ሲሆን፣ የሚሰጥ ደምም በደም ማሞቂያ መሣሪያ ቢያልፍ ይመረጣል።

የኩምብስ ውጤት ብቻውን ግን አይፈርድም። በወባ በታመመ ወይም በቅርቡ ደም በተሰጠው ሰው ላይ ሕዋስ ሳይፈርስም «አለ» ሊል ይችላል። ለነፍሰ ጡሮች ደም ግፊት የሚታዘዘው ሜቲልዶፓና በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶንም ይህንኑ ውጤት፣ አልፎ አልፎም ሕመሙን ራሱን ያስከትላሉ። ታማሚው ሰሞኑን የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ባዶ እሽግ ይዞ ቢሄድ ለሐኪሙ ጠቃሚ ፍንጭ ይሆናል፤ መንስኤው መድኃኒቱ ከሆነ የመጀመሪያው ሕክምና እሱን ማቆም ነውና።