ለማን እንደማይሆን በትሕትና መናገር፦ የስፓ አገልግሎት ዝርዝርን ወደ አማርኛ መመለስ

የስፓ አገልግሎት ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይይዛል። የላይኛው ክፍል ደንበኛውን ይጋብዛል፤ ስለ ዘይቱ መዓዛ፣ ስለ ክፍሉ ጸጥታና ስለሚገኘው ዕረፍት ይናገራል። የታችኛው ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል፣ አገልግሎቱ ለማን እንደማይሆን ይገልጻል። በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱና በሐዋሳ ሆቴሎች እጅ ላይ ያሉት ዝርዝሮች ብዙዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ ይጎዳዳሉ። የግብዣው ለስላሳነት ወደ ማስጠንቀቂያው ይጋባና ክልከላው ምክር ይመስላል፤ ወይም ማስጠንቀቂያው እንደ ሕግ አንቀጽ ደርቆ ደንበኛው ሳያነበው ያልፈዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከአገልግሎቱ ስም ነው። እንግሊዝኛው ፊትን በክሬም ማሸትንም፣ እግር ማጠብንም፣ የሆስፒታል ሕክምናንም በአንድ ቃል ይጠራል። ተርጓሚው ሁሉንም «ሕክምና» ካለ አንባቢው ሐኪም እንዳለ፣ በሽታም እንደሚድን ይረዳል። «አገልግሎት» ወይም «እንክብካቤ» ይበቃል፤ ማሳጅ፣ ስቲም፣ ሳውና፣ ሞሮኮ ባዝ ደግሞ ደንበኛው ራሱ በዚሁ ስማቸው ስለሚጠራቸው እንዳሉ መቀመጥ አለባቸው። የጥቅሙ መግለጫም ልክ አለው። ጡንቻን ያላላል፣ ድካምን ያቀላል፣ ሰውነትን ያዝናናል ማለት ይቻላል። «ቁርጥማትን ያድናል»፣ «መርዝን ከደም ያወጣል» ግን ማሳጅ የማይፈጽመው ቃል ኪዳን ነው። ፍልውሃና ሶደሬ ለፈውስ ሲኬድባቸው በኖረ አገር ሙቅ ውሃና ሙቅ ድንጋይ መድኃኒት ናቸው የሚል እምነት ቀድሞም አለ። ስለዚህ «ያድናል» የሚለው ቃል በአማርኛ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ይመዝናል፤ መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ስፓ የሚመጣ ሰው ሊያፈራ ይችላል።

ነገሩ በአንድ አገልግሎት ላይ ሲታይ ይበልጥ ይገባል፤ የትኩስ ድንጋይ ማሳጅን መውሰድ ይቻላል። ለስላሳ ጥቁር የባዝልት ድንጋዮች በውሃ ውስጥ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃሉ። ባለሙያዋ በዘይት እያሻሸች በጀርባና በእግር ላይ ታንሸራትታቸዋለች፤ አንዳንዶቹንም በፎጣ ላይ አድርጋ ለጥቂት ደቂቃ በወገብ ላይ ትተዋቸዋለች። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል። ለጤነኛ ሰው ይህ ደስ የሚል መፍታታት ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን መድኃኒቱና ሙቀቱ ተደምረው ግፊቱን ከሚገባው በታች ያወርዱትና ከአልጋው ሲነሣ ሊያዞረው፣ ሊወድቅም ይችላል።

የእንግሊዝኛው ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ ነፍሰ ጡርነትን፣ የልብ በሽታን፣ የደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ የደም መርጋትን፣ ያልዳነ ቁስልንና የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምናን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይደረድራል። ተርጓሚው እያንዳንዱ ለምን እንደተጻፈ ካላወቀ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ያወርዳቸዋል። ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም። በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ያለበት ሰው ሲታሽ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል ይችላል፤ እዚህ ላይ «ቢጠነቀቁ ይመረጣል» ማለት ስሕተት ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ስኳር ደግሞ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ስሜት ይጠፋል። ብዙ ዝርዝሮች «ድንጋዩ ከሞቀብዎት ለባለሙያዋ ይንገሩ» በሚል ቃል ይጠናቀቃሉ፤ ይህ ማሳሰቢያ ሙቀቱ ለማይሰማው ሰው ምንም አይፈይድለትም። ቆዳው ሲላጥ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ የተርጓሚው የመጀመሪያ ሥራ ማስጠንቀቂያዎቹን በጥንካሬያቸው መለየት ነው። እንግሊዝኛው አገልግሎቱን ሲከለክል፣ ሐኪም ማማከርን ሲጠይቅና ለባለሙያ መንገርን ብቻ ሲያሳስብ የተለያየ አነጋገር አለው፤ አማርኛውም ሦስቱን ሳያቀላቅል መያዝ አለበት። ለመጀመሪያው «አይሰጥም»፣ ለሁለተኛው «ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይውሰዱ»፣ ለሦስተኛው «ከመጀመሩ በፊት ለባለሙያዋ ይንገሩ» ግልጽ ናቸው። አንዴ የተመረጠው አነጋገር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳይለወጥ መሄድ ይገባዋል። በአንዱ ገጽ «አይሰጥም»፣ በሌላው «አይመከርም» ከተባለ አንባቢው የሁለተኛው ቀላል መስሎት ይገባል። እንዲያው ለጽሑፍ ውበት ቃል መቀያየር በሌላ ቦታ ያምር ይሆናል፤ እዚህ ግን አደገኛ ነው።

የበሽታ ስም ሁለተኛው ፈተና ነው። በአማርኛ «ደም ግፊት አለብኝ» የሚል ሰው ግፊቴ ከፍተኛ ነው ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ሲጠቅስ «የደም ግፊት ችግር» ብሎ ማለፍ ዝቅተኛ ግፊት ያለበትን ይተወዋል። ሙቀት ደግሞ ቶሎ የሚጥለው እሱን ነው። ዝቅተኛ ግፊትን «ደም ማነስ» ማለትም ሌላ ስሕተት ነው፤ ደም ማነስ ራሱን የቻለ ሌላ ሕመም ነው። «ከፍተኛም ሆነ ዝቅተኛ የደም ግፊት» ተብሎ በሙሉ ቢጻፍ አንድ መስመር ቢጨምር ነው። «ስኳር» ሁሉም የሚያውቀው ስም ስለሆነ መዝገበ ቃላት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። አነስተኛ ስም ያላቸው ሕመሞች ግን በሚታየው ምልክት ቢገለጹ ይሻላል፤ «በእግር ላይ ያበጠና የተጠማዘዘ ደም ሥር» የሚለውን ማንም እግሩን አይቶ ያውቀዋል። ደም እንዳይረጋ የሚወሰድ መድኃኒትም በአማርኛ «ደም የሚያቀጥን መድኃኒት» ሲባል ይታወቃል፤ የሚወስደው ሰው በጠንካራ ማሸት ቶሎ ይበልዛል።

ከዚህ በኋላ የትሕትናው ጉዳይ ይመጣል። ትሕትናው በአጠራሩ ላይ ሊሆን ይገባል እንጂ በክልከላው ጥንካሬ ላይ መሆን የለበትም። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ነው፤ «እርስዎ» የሚለው አጠራር ከማክበሩም ሌላ ወንድና ሴትን አይለይም። «የልብ ሕመምተኞች መግባት ክልክል ነው» የሚለው ሰውን በበሽታው ይሰይማል፤ «የልብ ሕመም ካለብዎት» የሚለው ግን ሰውየውን ከሕመሙ ለይቶ ያናግራል። መልእክቱ ያው ነው፣ ሰው ፊት የሚያሳፍር አይደለም። ለምሳሌ ያህል የትኩስ ድንጋዩ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«በእግርዎ ወይም በሌላ የሰውነትዎ ክፍል የረጋ ደም እንዳለ ከተነገረዎት፣ ትኩሳት ካለብዎት፣ ወይም ስኳር ኖሮብዎት እግርዎ ወይም እጅዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ይህ አገልግሎት አይሰጥም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሊሆኑ እንደሚችሉ ከገመቱ፣ የልብ ሕመም፣ ከፍተኛም ሆነ ዝቅተኛ የደም ግፊት ካለብዎት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ከሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይውሰዱ። አለርጂ ወይም ያልዳነ ቁስል ካለብዎት ከመጀመሩ በፊት ለባለሙያዋ ይንገሩ። የሚነግሩን በምስጢር ይያዛል።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የሚጻፈው ቤቱ በእርግጥ ምስጢር የሚጠብቅ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ሴቶች ነፍሰ ጡር መሆናቸውን በመጀመሪያዎቹ ወራት ለቅርብ ሰው እንኳ አይናገሩም፤ የሰውነት ሙቀት ከልክ በላይ መጨመር ለጽንሱ ይበልጥ የሚያሰጋውም በእነዚያው ወራት ነው። «ሊሆኑ እንደሚችሉ ከገመቱ» የሚለው ሐረግ እርግጠኛ ያልሆነችውንም ይጨምራል። ጥያቄው ግን በእንግዳ መቀበያው ፊት ጮክ ተብሎ ከተጠየቀ የጽሑፉ ጨዋነት ከንቱ ይሆናል። መልሱ በቅጽ ላይ ምልክት ተደርጎበት ለባለሙያዋ ብቻ ቢደርስ የተሻለ ነው።

ቁጥሮችም ይተረጎማሉ። ከአሜሪካ የመጣ ዝርዝር ድንጋዩ 130 ዲግሪ እንደሚሞቅ ቢጽፍ በፋራናይት ነው፤ ሳይቀየር ከተቀመጠ ውሃ ከሚፈላበት በላይ ይሆናል። ትክክለኛው 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ማታ በ8 ሰዓት ይዘጋል የሚለውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

እንግሊዝኛው ያላሰበው አደጋም አለ። ዋናው ጽሑፍ «ከባድ ምግብ በልተው አይግቡ» ይላል፤ ስለ ባዶ ሆድ አይናገርም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳን እስከ ፀሐይ መግቢያ እህልና ውሃ ያልቀመሰ ሰው ወደ ስቲም ቢገባ በላብ የሚወጣውን ውሃ የሚተካበት የለውም፤ ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። ተርጓሚው በራሱ ሥልጣን አዲስ ማስጠንቀቂያ መጨመር አይገባውም፤ ለባለቤቱ በጽሑፍ አሳውቆ ሲፈቀድለት ይጨምራል። ያለውን መቀነስ ግን በፈቃድም ቢሆን ልክ አይደለም። ገጹ ጠበበ፣ ደንበኛ ያስፈራል የሚሉ ምክንያቶች ከአንድ ሰው መቃጠል አይበልጡም።

ትርጉሙ ካለቀ በኋላ ሁለት ሰዎች ሊያዩት ይገባል። አንዱ ሐኪም ወይም ነርስ ነው፤ የበሽታ ስሞቹና የክልከላው ጥንካሬ ከዋናው ጋር መስማማታቸውን ያያል። ሌላው ሥራውን የማያውቅ ተራ አንባቢ ነው። «ተረድተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም አዎን ይላል። «እናትዎ የግፊት ክኒን ቢወስዱ ይህን አንብበው ምን ያደርጋሉ?» ሲባል ግን ጽሑፉ ይፈተናል። መልሱ «ይገቡና ለባለሙያዋ ይነግራሉ» ከሆነ ሁለተኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛው ወርዷል፤ ዐረፍተ ነገሩ እንደገና መጻፍ አለበት።

በዝርዝሩ፣ በደንበኛው ቅጽና በስቲሙ በር ላይ ያለው ማስታወቂያ በአንድ ቃል መናገር ይኖርባቸዋል። ቤቱ የማሳጁን ዘይት ለምሳሌ ከወይራ ወደ አልሞንድ ወይም ወደ ሰሊጥ ከቀየረ ለእነዚህ አለርጂ ያለበት ሰው አዲስ አደጋ ይገጥመዋል። የዘይቱ ስም በአማርኛው ዝርዝር ላይ መታረም ያለበት አዲሱ ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት ነው።